የጎረቤት መጽሐፍ

ተማሪዋ ከጎረቤቷ የተዋሰችውን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ገልጣ ከኬክ አሠራሩ ላይ «ምድጃው እስከ 350 ዲግሪ ይሙቅ» የሚለውን ስታነብ ደነገጠች፤ የተከራየችው ክፍል ምድጃ ከ250 አያልፍምና። ቁጥሩ በፋራናይት መሆኑ ሲገባት 32 ቀንሳ፣ በ5 አባዝታ፣ ለ9 ብታካፍለው 177 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆነላት። 8 አውንስ ቅቤም፣ አንዱ አውንስ 28 ግራም ከጥቂት ስለሚመዝን፣ ወደ 227 ግራም መጣ።

ያሳታት ኩባያው ነበር። አንድ ኩባያ ወተት 240 ሚሊ ሊትር መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ፣ የዱቄቱም ኩባያ 240 ግራም ይሆናል ብላ ለሁለት ኩባያ 480 ግራም መዝና ጨመረች፤ ሊጡ ግን እንደ ጭቃ ጠጥሮ ማንኪያውን ያዘባት።

«እናቴ፣ ኩባያ እኮ የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም» አሏት ጎረቤቷ በር ላይ ቆመው፤ «ዱቄት ቀላል ነው፤ አንዱ ኩባያ ቢመዘን 120 ግራም ቢሆን ነው።»

ዱቄቱን መልሳ ማውጣት ስለማትችል፣ ቅቤውንም፣ ወተቱንም፣ ስኳሩንም እጥፍ አደረገች። ማታ መጽሐፉን ስትመልስ ሁለተኛውን ኬክ አብራ ይዛ ሄደች።