ጉዳዩ፦ የጥቅምት የሽያጭ ሪፖርት ድምር ለምን እንደቀነሰ

ጤና ይስጥልኝ፣

ትናንት የላክንልዎት የጥቅምት 2018 ሪፖርት ከመጀመሪያው ቅጂ በ1,734,550 ብር ያንሳል። የጎደለ ዕቃም ሆነ ገንዘብ የለም፤ የወጣው ሁለቴ ይቆጠር የነበረው ሽያጭ ነው። አዲሱ ድምር 16,905,700 ብር ሒሳብ ክፍል በደረሰኝ ከዘጋው ጋር ይገጥማል። የቀድሞው 18,640,250 ግን ከየትኛውም መዝገብ ጋር አይገጥምም ነበር።

ችግሩ ከደንበኛ ምዝገባ ነው የመጣው። አንዱ ደንበኛ ደሴ ሱቅም ኮምቦልቻ መጋዘንም ይመዘገባል። ሲስተሙ አዲስ ደንበኛ ሲገባ ስልኩን እንደተጻፈ ነው የሚያስተያየው፤ ስለዚህ በ09 እና በ+2519 የጀመረ አንድ ቁጥር ሁለት ሰው ይመስለዋል። ከኤክሴል በተጫኑት ላይ ደግሞ የፊቷ ዜሮ ጠፍታለች። ስም ፈልጎ ማግኘትም አያስተማምንም፦ «ሐሰን» ተብሎ የገባውን «ሀሰን» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ ስላላገኘው አዲስ ይከፍትለታል። ሪፖርቱ በበኩሉ ደረሰኝን ከደንበኛ የሚያገናኘው በስልኩ የመጨረሻ 9 አኃዞች በመሆኑ፣ አንዱን ደረሰኝ ለሁለቱም መዝገብ ይሰጠዋል። ለምሳሌ ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የ84,600 ብር ደረሰኝ በሪፖርቱ 169,200 ሆኖ ተደምሯል።

ከ4,812 መዝገብ 615ቱን አዋህደን 4,197 ቀርቷል። ደረሰኞቹ ወደ ቀሪው መዝገብ ተዛውረዋል፤ የድሮዎቹ ተዘጉ እንጂ አልተሰረዙም። ከቅናሹ 1,212,400 ብሩ የደሴ፣ 522,150 ብሩ የኮምቦልቻ ነው። የደንበኛ አማካይ ግዢ ግን ከ3,874 ወደ 4,028 ብር ከፍ ብሏል፤ ይህን «እድገት» እንዳንለው።

ስልካቸው አንድ ሆኖ ቲን ቁጥራቸው የሚለያይ 23 ጥንዶችን አልነካንም። ወንድማማቾች ወይም ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ሊሠሩ ይችላሉ። በጥቅምት ስላልገዙ ድምሩን አይነኩም፤ በኅዳር ከገዙ ግን ሽያጫቸው እንደገና ይደገማል።

ሌላው፣ እኔን ከድምሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ ዱቤው ነው። ሁለት መዝገብ ያለው ደንበኛ ሁለት የዱቤ ጣሪያ ነበረው። ከተዋሃዱ በኋላ 14 ደንበኞች ጣሪያቸውን አልፈው ተገኝተዋል። ዝርዝሩ ተያይዟል፤ አዲስ ዱቤ እንዳይወጣላቸው ለመጋዘን ቢነገር ጥሩ ነው።

ውሳኔዎን የምንጠብቅባቸው፦ ሪፖርቱ በስልክ ፋንታ በደንበኛ መለያ ቁጥር እንዲያገናኝ ይፈቀድልን (የአንድ ቀን ሥራ ነው)። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያሉት ሪፖርቶችም በዚሁ መንገድ ስለተጋነኑ እንደገና እናውጣቸው ወይ? እስከዚያ ጥቅምትን ከመስከረም ማወዳደር ሽያጭ የወረደ ያስመስላል። የሽያጭ ሠራተኞች ኮሚሽን በድሮው ድምር ተሰልቶ ከሆነም፣ ከደመወዝ ቀን በፊት ከሒሳብ ክፍል ጋር መነጋገር አለብን።

ከአክብሮት ጋር
የሽያጭ መረጃ ክፍል፣ ኮምቦልቻ