ባለ አንበሳው ብርድ ልብስ

አጭር የኮሜዲ ቪዲዮ፣ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ። በስልክ፣ በቁም ይቀረጻል።

ቦታ፦ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሊፍት የለም። ክረምት ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል።

ተዋናዮች፦ ቢኒ፣ ጓደኛው ሀና (ከእናቷ ጋር ቤቱ ከገቡ ገና ሳምንታቸው ነው)፣ እናቷ እትዬ አልማዝ፣ ሁለት ጎረቤቶች።

0፡00 ውጪ

(ቢኒ ከባጃጅ ይወርዳል። በሁለት እጁ የኬክ ካርቶን፣ በጆሮውና በትከሻው መሃል ስልክ። ካሜራው ዙሪያውን ይዞራል፤ ብሎክ፣ ብሎክ፣ ብሎክ።)

ቢኒ፦ ሀኒ፣ ደርሻለሁ። የትኛው ነው?

ሀና (ድምፅ)፦ 4ኛ ፎቅ!

ቢኒ፦ የየትኛው?

ሀና፦ ሲኖትራክ የቆመበት ብሎክ። ውጣ በቃ።

(ሲኖትራኩ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ቢኒ ከዓይኑ እስኪጠፋ ያየዋል።)

ቢኒ፦ ሀኒ… ቤታችሁ ሄደ።

(ቢኒ እዚህ ላይ አይሳቅ፣ አይቀልድም። ከልቡ ነው የሚነግራት። ተመልካቹ የሚስቀው እሱ ስላልሳቀ ነው።)

ቢኒ፦ የብሎኩ ቁጥርስ?

ሀና፦ ቀለም ቀብተውበታል። ከሱቁ ጎን ያለው ነው!

(ካሜራው ይዞራል። በየብሎኩ ሥር ሱቅ አለ።)

0፡25 ደረጃ

(ቢኒ እያለከለከ 4ኛ ፎቅ ይደርሳል። ሳያንኳኳ በሩ ይከፈታል። ሴትዮዋ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛለች።)

ሴትዮ፦ ውሃ መጣ?!

ቢኒ፦ ኧረ ኬክ ነው የመጣው።

(በሩ ይዘጋል። ቶሎ ቆረጣ፦ ሌላ ብሎክ፣ ሌላ ደረጃ። የካርቶኑ አንድ ጥግ ተጨፍልቋል። ያንኳኳል። ፎጣ ያገለደመ፣ ጭንቅላቱን ሳሙና የሞላው ሰውዬ ይከፍታል። አንድ ዓይኑን ብቻ ነው መግለጥ የቻለው።)

ሰውዬ፦ መጣ?

ቢኒ፦ አልመጣም።

ሰውዬ፦ ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?

(በሩ ይዘጋል።)

0፡50 ውጪ

ሀና (ድምፅ)፦ ቀና በል። ባለ አንበሳ ብርድ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ ይታይሃል?

ቢኒ፦ አየሁት! አንበሳው አፉን የከፈተው?

ሀና፦ እሱ ነው! እንዳትነቃነቅ፣ ወርጄ እወስድሃለሁ።

(ሀና በነጠላ ጫማ እየሮጠች ትመጣለች። ይተቃቀፋሉ።)

ሀና፦ እንኳን ደህና መጣህ! ይሄን ያህል ከበደህ? ሕፃን እንኳን አያጣውም እኮ።

(የዝናብ ጠብታ ካርቶኑ ላይ፦ ጠብ። ጠብ። ሁለቱም ዞረው ወደ ላይ ያያሉ። በረንዳው ሁሉ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ልብሱን አስገብቷል።)

(ሦስት ሰከንድ ዝምታ። ሙዚቃ አይግባ፣ ድምፅ አይጨመርበት። ቀልዱን የሚሸከመው ይሄ ዝምታ ነው። አርታኢው ረዘመ ብሎ ቢቆርጠው ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይፈርሳል።)

ቢኒ (ቀስ ብሎ)፦ ሀኒ… የትኛው ነው?

ሀና፦ …4ኛ ፎቅ።

1፡10

(ዝናቡ በርትቷል። ሀና በቢኒ ስልክ ትደውላለች።)

ሀና፦ እማዬ! ብርድ ልብሱን አስገባሽው እንዴ?

እትዬ አልማዝ (ድምፅ)፦ ይበስብስ እንዴ ታዲያ? የት ቀራችሁ? ቆይ፣ መጣሁ፣ ልውሰዳችሁ!

ሀናና ቢኒ (አንድ ላይ እየጮሁ)፦ እንዳትወርጂ! / እንዳይወርዱ!

(ስልኩ ተዘግቷል። እዚሁ ላይ ቁረጥ፤ ትንፋሽ መሳቢያ እንኳን አይኑር።)

1፡20

(ሦስቱም በአንድ ባለ አንበሳ ብርድ ልብስ ሥር ተጠልለው ቆመዋል። አንበሳው በዝናብ ረጥቧል። ቢኒ ካርቶኑን አልለቀቀም። እትዬ አልማዝ ብሎኮቹን አንድ በአንድ ያያሉ።)

እትዬ አልማዝ፦ በ1997 ተመዝግቤ፣ ከልጅነት እስከ ሽበት ጠብቄ ያገኘሁትን ቤት… በአሥር ደቂቃ አጠፋችሁብኝ!

(«አሥር ደቂቃ» ከማለታቸው በፊት ወደ ቢኒ ይዙሩ። ቢኒ የሚመልሰው ቢያጣ ካርቶኑን ይዘረጋላቸዋል።)

ቢኒ፦ እትዬ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤትዎ አደረስዎ።

(ጥቁር። አንድ ሰከንድ።)

1፡33 ማሳረጊያ

(ሳሙናው ያልወረደለት ሰውዬ በፎጣው እንዳለ ሮጦ ወጥቶ ዝናቡ መሃል ይቆማል። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፦)

ሰውዬ፦ መጣ! መጣ!

(ከየደረጃው ጎረቤት ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይፈስሳል። እነ ቢኒን እየገፉ ያልፏቸዋል። አንዷ ጀሪካኗን እትዬ አልማዝ እጅ ላይ አስቀምጣ፦)

ሴትዮ፦ ወረፋ ያዢልኝ!