«የቡና ጉዞ» በቤተ መጻሕፍታችን

ባለፈው ሳምንት ቤተ መጻሕፍታችን «የቡና ጉዞ» የተባለ አዲስ የሰሌዳ ጨዋታ አግኝቷል። ተጫዋቹ ከጅማ፣ ከይርጋጨፌ ወይም ከሐረር ተነሥቶ ቡናውን ጅቡቲ ወደብ ያደርሳል።

ከመመሪያው ልጀምር፤ ቅር ያሰኘኝ እሱ ነውና። ሁለት ነጋዴዎች አንድ መጋዘን ላይ ሲገናኙ ቅድሚያው የማን እንደሆነ አይናገርም። እኛ አራታችን በዚህ ብቻ ሩብ ሰዓት ተከራክረን፣ በመጨረሻ ዳይስ ጥለን ተስማማን። ለግልጽነቱ ከ5 የሰጠሁት 2 ነው።

ደጋግሞ ለመጫወት ግን ይመቻል። የዕድል ካርዶቹ በተበወዙ ቁጥር ጉዞው ይለወጣል፤ አንዴ ጎርፍ መንገድ ይዘጋል፣ አንዴ የቡና ዋጋ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ተጫውቼ አንዱም ከሌላው አልተመሳሰለም፤ 4 ይገባዋል።

አዝናኝነቱ ሙሉ 5 ነው። መቁጠሪያዎቹ እውነተኛ የተቆላ ቡና ፍሬዎች ስለሆኑ ሣጥኑ ሲከፈት ጠረኑ ያውዳል። ከመጀመሪያ ጀምሮ ሲመራ የነበረው የ7ኛ «ለ» ጓደኛችን ድሬዳዋ ላይ ጭነቱን በሙሉ ሲያጣ፣ ሳቃችን የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ከመቀመጫቸው አስነሣቸው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው የሚፈቀደው በረንዳ ላይ ብቻ ነው።

ሁለት ፍሬዎች ጠፍተዋል። ያገኘ ይመልስ፤ የበላም ይናገር።