«የእጅ ሚዛን»፦ የቻናሉ መክፈቻ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾች፤ «የእጅ ሚዛን» ወደተሰኘው የምግብ ዝግጅት ቻናል እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰናይት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ከተማ ሲሆን፣ ላለፉት 17 ዓመታት የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። መተዳደሪያዬ የሕክምና ላብራቶሪ ሥራ ነው፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ምግብ ማብሰልን በትምህርት ቤት አልተማርኩም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከእናቴ ጓዳና እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ካበላሸሁት ሊጥ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ እንጀራ እጋግር ነበር። እዚህ በመጣሁበት የመጀመሪያ ክረምት ያቦካሁት ሊጥ ግን ሦስት ቀን ቆይቶም አልቦካም። ትዕግሥት አጥቼ ስጋግረው አንድም ዓይን አላወጣም፤ ከምጣዱ ሳነሣው ተሰነጣጥቆ ሰፌዱ ላይ ተበታተነ። ወደ ደሴ ደውዬ ስንት ዱቄት፣ ስንት ውሃ፣ ስንት እርሾ እንደሚያስፈልግ ስጠይቅ እናቴ «እጅሽ ይነግርሻል፣ ልጄ» አለችኝ። እጄ ግን የሚያውቀው የደሴን ውሃ፣ የደሴን ጤፍና የደሴን አየር ስለነበር በዚያ ቤት ውስጥ ምንም ሊነግረኝ አልቻለም።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ለበዓል ዶሮ ስትሠራ በርበሬውን በጭልፋ ጨልፋ ወደ ድስቱ ልትጨምር ስትል አስቁሜያት፣ ሳህን ላይ እንድትገለብጠው ለመንኋትና ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 82 ግራም ሆነ። በሌላ ቀን 79፣ በሦስተኛው ደግሞ 81 ግራም መዘነ። በላብራቶሪ ውስጥ በመሣሪያ ስንሠራ እንኳን እንዲህ የተቀራረበ ውጤት ሁልጊዜ አይገኝም። «በግምት» የምንለው የእናቶቻችን ሙያ በ40 ዓመት ልምድ የተስተካከለ ሚዛን መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። የዚህ ቻናል ሥራም ያንን ሚዛን ወደ ግራም፣ ወደ ደቂቃና ወደ ዲግሪ መልሶ፣ እናቱ አጠገቡ ለሌለች ሰው ማድረስ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ስለ እንጀራ ይሆናሉ፤ ብዙዎቻችን ተስፋ የምንቆርጠው እዚያ ላይ ነውና። ሊጥ የሚቦካው በእርሾው ውስጥ ባሉ ሕያዋን ነገሮች አማካይነት ነው፤ እነርሱም ቅዝቃዜ ሲበዛባቸው ሥራቸው ይዘገያል። ስለዚህ በክረምት ሊጡን ባልተለኮሰ ምድጃ ውስጥ፣ አምፖሉን ብቻ አብርተን ማቆየትን፣ ከላይ የሚያቀረውን ውሃ መቼ መድፋት እንዳለብን፣ አብሲት ለምን እንደሚጣልና ሳይጣል ቢቀር እንጀራው ምን እንደሚጎድለው ደረጃ በደረጃ እናያለን። የጤፉም ጉዳይ አለ፤ እኛ ጋ ገበያ ላይ ከምናገኘው አንዱ በአይዳሆ ግዛት የሚመረተው ነው፤ አገር ቤት የለመድነውን ያህል ውሃ ላይወስድ ስለሚችል መጠኑን በየዱቄቱ እየለካን እናሳያለን። ጤፍን ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ለሚቀላቅሉም ድርሻውን እናሳውቃለን፤ ሆኖም ስንዴና ገብስ በሕመም ምክንያት የተከለከለ ሰው በቤቱ ያለ እንደሆነ እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ብቻ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ወደ ወጥ እንሄዳለን፤ ወጥ ደግሞ ከቁሌት ይጀምራል። አገር ቤት የምናውቀው የሐበሻ ሽንኩርት ትንሽና ውሃው ያነሰ ሲሆን፣ እዚህ የምንገዛው ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ብዙ ውሃ ያወጣል። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ከትፈን ዘይት ሳናስገባ ስናቁላላው፣ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅና ድስቱ መያዝ እስኪጀምር ድረስ መጠበቅ የግድ ነው፤ ይህን ጊዜ በሰዓት ይዤ አሳያችኋለሁ። ሽንኩርትን በማሽን መክተፍ በእኔ እምነት ምንም ነውር የለበትም፤ ፈጭቶ ጭማቂ ማድረግ ግን ቁሌቱን ቅቅል ያደርገዋል። ቀለም እንዲያምር የቲማቲም ድልህ ዶሮ ወጥ ውስጥ መጨመርንም አላስተምርም፤ ቀለሙ ከበርበሬውና ከትዕግሥቱ ይመጣል።

ቅቤ ስናነጥር ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና በሶብላው በየትኛው ሰዓት እንደሚገቡ፣ መከለሻ ለምን ወጡ ሊወርድ ሲል እንደሚጨመር፣ ዶሮን በ12 ብልት እንዴት እንደምናወጣ እንማራለን። የጾም ምግብ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይኖረዋል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ እዚህ ዝቅተኛው ቦታ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላልና ምስርና ክክ ቶሎ ይበስላሉ፤ አገር ቤት በለመድነው ሰዓት ብንጠብቃቸው ይፈርሳሉ።

ይህን የማዘጋጀው አሜሪካ ውስጥ ቢሆንም፣ የማስበው ስለዚህ አገር ወጥ ቤት ብቻ አይደለም። በዓረብ አገራት በሰው ቤት ተቀጥረው ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ምግብ ሲያበስሉ ውለው፣ ለራሳቸው አንዲት መጥበሻና ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚተርፋቸው እኅቶች አሉ፤ ምጣድ በሌለበት በመጥበሻ ስለሚጋገር እንጀራ ራሱን የቻለ ዝግጅት የምሠራው እነርሱን በማሰብ ነው። በእስራኤል ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ሥጋን ከወተት ተዋጽኦ ጋር ስለማይቀላቅሉ፣ ዶሮ ወጡን በንጥር ቅቤ ፋንታ በዚያው ቅመም በታሸ ዘይት የምንሠራበትን መንገድ አሳያለሁ። ስለ እኔ አካባቢ ያልሆነ ምግብም ባለቤቱ ቢናገር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ክትፎን የምታስተምረን ከጉራጌ የመጣች እናት ትሆናለች፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ እመዝናለሁ።

እዚህ ተወልዳችሁ አማርኛውን ብትሰሙም ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ልጆቻችን፣ የእያንዳንዱን ቅመም ስም ረጋ ብዬ እየጠራሁ ቅመሙን በመዳፌ ይዤ ለካሜራው አቀርብላችኋለሁ። ልጄ ጥቁር አዝሙድንና ነጭ አዝሙድን የለየችው በማሽተት ነው፤ እናንተም ዕቃውን ከፍታችሁ አሽትቱ።

አዲስ ዝግጅት ዘወትር ቅዳሜ ይወጣል፤ ሰብስክራይብ ብታደርጉ በየሳምንቱ ይደርሳችኋል። የሠራችሁት ካልተሳካ ያልተሳካውን ከነመጠኑ ጻፉልኝ፤ ስንት ውሃ፣ ስንት ቀን፣ ቤቱ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ከነገራችሁኝ ምክንያቱን አብረን እንፈልጋለን።

ለመጪው ቅዳሜ 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ የተጣራ ውሃ፣ ክዳን ያለው ሰፊ ዕቃና የወጥ ቤት ሚዛን አዘጋጁ። እርሾ ከጎረቤት ማግኘት የምትችሉ አንድ ስኒ ለምኑ፤ የማታገኙ ደግሞ አትጨነቁ፣ ከዱቄትና ከውሃ ብቻ እርሾ መጀመርን በዚያው ዕለት አብረን እንሠራለን።