የፋርማሲ ሶፍትዌር ሽያጭ መመሪያ፤ ለአዲስ የሽያጭ ሠራተኞች

እንኳን ደህና መጣችሁ። ከናንተ በፊት የገቡት ልጆች የመጀመሪያ ደንበኛቸውን እስኪያገኙ ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ሶፍትዌሩን አሳምረው ያውቁት ነበር። የፋርማሲው ባለቤት «ይሄ ነገር ገቢዎች ይደርሳል?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግን አፋቸው ይያዝ ነበር። ይህ ወረቀት የተጻፈው ለዚያች ደቂቃ ነው። የናንተ ግብ በ21ኛው ቀን አንድ ፋርማሲ ሙከራ ማስጀመር ነው።

የምንሸጠው

የመድኃኒት ስቶክ እና ሽያጭ መቆጣጠሪያ። እያንዳንዱን መድኃኒት በባች ቁጥሩና በኤክስፓየር ቀኑ ይይዛል። 90 ቀን ሲቀረው ቢጫ፣ 30 ቀን ሲቀረው ቀይ ያሳያል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ለባለቤቱ ስልክ ሪፖርት ይልካል።

ዋጋው በወር 1,800 ብር ነው። ዓመቱን አንዴ ለሚከፍል 18,000 ብር። ለተከላና ለመረጃ ማስገባት አንድ ጊዜ 6,000 ብር። ሙከራው 21 ቀን በነጻ ነው። ካሽ ሬጂስተሩን አይተካም፤ ይህን ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ለማን

ሁለትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው፣ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ላይ ለማይውልበት ፋርማሲ። ባለቤቱ ብቻውን የሚሠራባት ትንሽ መድኃኒት ቤት ከሆነች ደብተር ይበቃታል። አመስግናችሁ ውጡ። የማይጠቅመው ሰው ላይ ከሸጣችሁ በሁለተኛው ወር ይተወዋል፤ ሰፈሩንም ያበላሽባችኋል። ፋርማሲዎች እርስ በርስ መድኃኒት ይበዳደራሉ፤ ወሬም እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካለ ደንበኛችን ፋርማሲ ቁሙ። አትሽጡ፣ አታብራሩ። ወረፋ ሲበዛ ፋርማሲስቷ ምን እንደምታደርግ ብቻ እዩ። ቀጥሎ ባሉት ሁለት ቀናት 50 መድኃኒት በእጃችሁ አስገቡ። ሁለተኛው ሳምንት ከነባር ሠራተኛ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት 20 ደቂቃ አንዳችሁ ባለቤት፣ አንዳችሁ ሻጭ ሆናችሁ ተለማመዱ። ባለቤት የሚሆነው ሰው አይራራ። በሦስተኛው ሳምንት ብቻችሁን ትወጣላችሁ።

የመክፈቻ ጥያቄ

ላፕቶፕ ከመክፈታችሁ በፊት፦ «ባለፈው ዓመት ኤክስፓየር ያደረገባችሁ መድኃኒት በግምት የስንት ብር ነበር?»

ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ ቻሉት። ብዙዎቹ ቁጥሩን አያውቁትም፤ ማሰብ ሲጀምሩ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ኤክስፓየር ያደረገ መድኃኒት ቆሻሻ ላይ አይጣልም። ተለይቶ፣ ተመዝግቦ፣ በተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ነው የሚወገደው። ስለዚህ ኪሳራው ሁለት ጊዜ ነው። የነገሯችሁን ቁጥር ጻፉት፤ ዋጋ ስትናገሩ ይጠቅማችኋል።

ባትል ካርድ 1፦ ደብተር እና ቢን ካርድ

ባትል ካርድ ማለት ባለቤቱ በኛ ፈንታ ሌላ ነገር ሲጠቅስ የምትመልሱበት አጭር ማስታወሻ ነው። ቢን ካርድ ደግሞ የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበት ካርድ ነው። ትልቁ ተፎካካሪያችን ይሄ ነው፤ ሌላው ሶፍትዌር አይደለም። መብራት አይፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። አትናቁት።

ድክመቱ፦ ቢን ካርድ ስንት እንደቀረ ይነግራል፤ ጊዜው እየደረሰ ያለው የትኛው እንደሆነ ግን ቀርቦ አይነግርም። ሰው ሄዶ ማየት አለበት፤ ሥራ ሲበዛ ደግሞ ማንም አያይም።

በሉ፦ «ደብተሩን አይተዉት። ለ21 ቀን ሁለቱንም ጎን ለጎን እንያዝ። ልዩነት ከመጣ ቆጥረን እናያለን።»

ባትል ካርድ 2፦ ኤክሴል

ኤክሴል የሚጠቀም ባለቤት ጥሩ ደንበኛ ነው፤ ቁጥር ይወዳል። የሚያመው ዋጋ ነው። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ አንዱ መድኃኒት በአሮጌና በአዲስ ዋጋ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። «አሞክሳሲሊን በሁለት የግዢ ዋጋ ገብቶ ቢሆን ትርፉን እንዴት ይለዩታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኛው ላይ በባች ለይታችሁ አሳዩ።

ባትል ካርድ 3፦ ክራክ የሆነ ፒችትሪ

«ሂሳብ ሠራተኛዬ ፒችትሪ አለው» ይላሉ። ይኑረው፤ እኛ የሂሳብ ሠራተኛውን ሥራ አንነካም። ፒችትሪ የተሠራው ለሂሳብ መዝገብ ነው፤ የኛ ባንኮኒ ላይ ነው የሚውለው። ክራክ ስለሆነ አትውቀሱ፤ ሰውየውን ታሳፍሩታላችሁ እንጂ አትሸጡለትም።

ባትል ካርድ 4፦ «የእህቴ ልጅ እየሠራልኝ ነው»

ልጁን አታጣጥሉ። ቤተሰብ ነው። «ጎበዝ ነው ማለት ነው። ሥራ ሲይዝ ወይም ውጭ ሲሄድ ሲስተሙን ማን ይይዝልዎታል?» በሉና ተዉት። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ።

ለተቃውሞ መልስ

*«ገቢዎች ያየዋል?»* ይህን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ያልገባውን ነገር ነው። አትሳቁ፣ አትጠቃቀሱ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ሚስጥረኛ አትምሰሉ። መልሱ ይሄ ነው፦ «መረጃው የእርስዎ ነው። ሶፍትዌራችን ከገቢዎች ጋር አልተገናኘም። ደረሰኝ የሚቆረጠው እንደ ድሮው በካሽ ሬጂስተሩ ነው። ግን ሽያጭ መደበቂያ አድርገን አንሸጠውም፤ ሁለት ዓይነት መዝገብም አንሠራም። በሕግ ከተጠየቁ መዝገብዎን ማቅረብ ያለብዎት በደብተርም ቢሆን ያው ነው።»

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው አልፈልግም» የሚል አለ። ይሂድ። «ችግር የለም፣ ማንም አያየውም» ብሎ ዓይኑን የሚጠቅስ ሻጭ ግን ከኛ ጋር አይቆይም።

*«ውድ ነው።»* ወዲያው ቅናሽ አትጥሩ። የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ። «1,800 ብር በቀን 60 ብር ነው። ቅድም የነገሩኝ የኤክስፓየር ኪሳራ ለስንት ወር ይከፍላል?» ሂሳቡን ራሳቸው ይሥሩት፤ ካልኩሌተሩን አቀብሏቸው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ እውነትም ውድ ነው፤ እመኑላቸው።

*«መብራት ይጠፋል።»* አትከራከሩ፤ ላፕቶፓችሁን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አንድ ሽያጭ ሥሩ። ዴስክቶፕ ካላቸው ዩፒኤስ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ንገሩ።

*«ሸጣችሁ ትጠፋላችሁ።»* እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ሰው ተቃጥሏል። መሐላ ውስጥ አትግቡ። በሰፈሩ ያለ ደንበኛችንን ስም (አስቀድማችሁ አስፈቅዳችሁ) ስጡ፤ «እኔ ሳልኖር ደውለው ይጠይቁት» በሉ።

*«እናስብበት፤ ከበዓል በኋላ ና።»* ይህ በጨዋ ደንብ «አይሆንም» ማለት ሊሆን ይችላል። «እሺ፣ የቱ ነገር ነው ያላረካዎት?» ብላችሁ አንዴ ብቻ ጠይቁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ግን ቃላቸውን እመኑ፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ቆጠራ ላይ ናቸው። ያኔ ከሄዳችሁ ሸክም አግዙ እንጂ አትሽጡ።

የማይደረግ

ካሸሯ ባለችበት «ሠራተኛ ይሰርቃል» አትበሉ። ሲስተሙን ነገ የምትከፍተው እሷ ናት፤ ካኮረፈች አለቀ። ቆጠራ ላይ ስለሚመጣ ልዩነት ከባለቤቱ ጋር ለብቻ አውሩ። ባለቤቷ ወጣት ብትሆንም አንቱታ አይቅር፤ ፋርማሲስት ከሆነች «ዶክተር» ማለት የሰፈሩ ልማድ ነው። የሌለ ነገር «በሚቀጥለው ወር ይመጣል» አትበሉ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ተብሎ የተሸጠ ኮንትራት ገንዘብ አስመልሶናል።

ካርዶቹ ሲለወጡ

መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ ሲገጥማችሁ «አጣርቼ ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት እደውላለሁ» በሉና ደውሉ። ጥያቄውን ሰውየው እንዳለው ቃል በቃል በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ጻፉ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቡና እየጠጣን መልስ እንሠራለታለን። ይህ 4ኛው እትም ነው። የእህት ልጅ ካርድ የገባው፣ ባለፈው ወር አንድ አዲስ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት የእህት ልጅ ከገጠመው በኋላ ነው።