የስፔኑ ፊልም የክፍል 3 የግርጌ ጽሑፍ፣ ለድሬዳዋ ከዚራው የፊልም ምሽት

ጋሼ፣

እርማትህ ደርሶኛል፤ ግማሹን ተቀብያለሁ። ቀሪውን ያልተቀበልኩበትን ምክንያት ከጽሑፉ በታች አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ ራሱን አንብበው፤ ከተቻለ ድምፅህን ከፍ አድርገህ። ቦታው ማድሪድ፣ ቫዬካስ ሰፈር፣ ትንሽ መጠጥ ቤት ነው። ራኬል ኢቫንን ገንዘብ ትጠይቀዋለች፤ ፓኮ ባለቤቱ ነው።

```
1
00:00:04,200 --> 00:00:06,700
አቦ! የት ጠፋህ?
ስደውልልህ ስደውልልህ ሰለቸኝ።

2
00:00:06,900 --> 00:00:09,400
ሥራ ላይ ነበርኩ ባክሽ።
ስልክ ይቀሙናል።

3
00:00:09,700 --> 00:00:11,300
ተው እንጂ! ብሬስ የት አለ?

4
00:00:11,600 --> 00:00:14,400
ባዶ ኪሴን ነኝ።
ዓርብ እሰጥሻለሁ፣ እናቴ ትሙት!

5
00:00:14,600 --> 00:00:16,600
ዓርብ፣ ዓርብ! አሳረርከኝ እኮ!

6
00:00:17,000 --> 00:00:18,200
ምን ልቅዳላችሁ?

7
00:00:18,400 --> 00:00:20,300
ሁለት ድራፍት።
ከፋይዋ እሷ ናት።

8
00:00:20,500 --> 00:00:22,000
አይ ዓይን አውጣ!

9
00:00:22,300 --> 00:00:25,600
- በሉ፣ እኔ ላጥ ልበል።
- የት አባክህ! ንቅንቅ አትልም።
```

ልኩን የወሰንኩት በአንድ መስመር ከ22 ፊደል እንዳያልፍ፣ ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ፣ በአንድ ሰከንድም ከ12 ፊደል በላይ እንዳይነበብ ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች በአንድ መስመር እስከ 42 ድረስ ይፈቀዳል። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ላይ ስለሚይዝ ያንኑ ሐሳብ በጥቂት ምልክት ይጨርሳል፤ ወርዱም ሰፊ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውንም አስብ።

አሁን ወደ ክርክራችን። «አቦ»ን ሰርዘህ «ጓደኛዬ» ብለሃል። ራኬል የምትለው «ቲዮ» ነው፤ ቃል በቃል አጎት ማለት ቢሆንም የስፔን ወጣት ጓደኛውን የሚጠራበት ነው። «ጓደኛዬ» ብላ የምትቆጣ ልጅ በማድሪድም በድሬዳዋም የለችም። ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ «ቲዮ» በመጣ ቁጥር «አቦ» ብል የቫዬካስ ልጆች የሳቢያን ሰፈር ልጆች ይሆኑብናል። ስለዚህ በዚህ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ንዴቱ በሚፈነዳበት ቦታ አስገባሁት። ሌላውን ጆሮ ይሰማዋል፤ ተመልካቹ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ይዞ ነው የሚከታተለው።

ድምፁን መስማቱ በቁጥር 3 ላይ ችግር ያመጣል። እሷ ስለ ገንዘቡ ስትጠይቅ «ፓስታ» ትላለች፤ አዳራሹ በሙሉ ይሰማታል፤ የእራት ወሬ የሚመስለውም አይጠፋም። ይሳቁ። «ብሬስ» የሚለውን «ዩሮዬስ» አድርገው ማለትህን ግን አልተቀበልኩም፤ ሰው ገንዘቡን ሲጠይቅ «ብሬን» ነው የሚለው፣ በየትኛውም አገር ይሁን። በክፍል 5 መጠኑ ሲጠራ «20 ዩሮ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ምንዛሬ አላሰላም።

«እናቴ ትሙት» ከበደህ። ኢቫንም በእናቱ ነው የሚምለው፤ «በእውነት እልሻለሁ» ካልን ውሸታምነቱ ይጠፋል። ቁጥር 5 ደግሞ ሳልደክም የተገኘ ነው፦ የስፓኝኛው አባባል «ጠበስከኝ» ማለት ነው፣ እኛ ጋር «አሳረርከኝ» ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። «ካኛ» በትንሽ ብርጭቆ የሚቀዳ ቢራ ነው፤ «ድራፍት» ይበቃዋል።

ቁጥር 2 ላይ ያስገባኸው «ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም» ትክክለኛ ትርጉም ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው መስመር ጋር 34 ፊደል በ2.5 ሰከንድ ይሆናል። «ይቀሙናል» አጭርም ነው፣ የአለቆቹንም ጠባይ ይነግራል።

ያንተን ምክር የተቀበልኩት በሚቀጥለው ክፍል ላይ ነው። «ኦስቲያ» የሚለው ግልፍተኛ ቃል ከቁርባን የመጣ ነው፤ ስፔኖች ሲደነግጡም ሲናደዱም ይሉታል። ሥሩን ተከትዬ ብተረጉመው ከዚራ ላይ ጠብ እናነሣለን። «ወይ ጉድ!» አድርጌዋለሁ፤ ይለዝባል፣ ግን ፊቷ የቀረውን ይናገራል። ራኬል ሽማግሌውን ፓኮን «አንተ» ማለቷ ግን እንዳለ ይቆይ። በስፓኝኛው እንደዚያው ነው፤ ድሬዳዋ ታላቁን «አንተ» በማለት የሚደነግጥ ከተማ አይደለም።

ፋይሉን ለኮምፒውተር ባለሙያው ስትሰጠው በ`UTF-8` ያስቀምጠው፣ ፊደሉንም `Noto Sans Ethiopic` ያድርገው፤ አለበለዚያ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ቁጥር 9 ላይ ያሉትን ሁለት ሰረዞች እንዳያጠፋቸው ንገረው፤ ሁለት ሰው መናገሩ የሚታወቀው በእነሱ ነው። ክፍል 4ን ከምሳ በኋላ እልክልሃለሁ።