የማክሰኞውን መልእክት እርሺውና ይሄኛውን አንብቢ

ድሬዳዋ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ሰዓዳ፣

በጥምቀት ማግስት ከፋይናንስ የደረሰሽን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ። “ያላግባብ የወሰዱትን ብር በ5 ቀን ውስጥ ገቢ ያድርጉ” ይላል። ማታ ቤት ገብቼ ደግሜ ሳነበው አፈርኩ። አንቺ ምንም አልወሰድሽም። የላክንልሽ እኛ ነን። መልእክቱን ስቤዋለሁ፤ የ5 ቀኑም ነገር ቀርቷል። ለአለቆቼም ነግሬያለሁ። የሚሠራው ይሄኛው ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ 2017 የፈረቃ ኃላፊዋ ወሊድ ላይ እያለች ማሸጊያ ክፍሉን ተጠባባቂ ሆነሽ ስትመሪ በወር 1,500 ብር የተጠባባቂ አበል ይታሰብልሽ ነበር። እሷ መስከረም ላይ ተመለሰች፤ አንቺም ወደ ቦታሽ። አበሉን ከፔይሮሉ ማውጣት የነበረብን እኛ ነን፤ ረሳነው። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አብሮ ተከፈለሽ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ኅዳር ላይ ስሊፕሽን አጥፈሽ ይዘሽ መስኮታችን ጋ መጥተሽ “ይሄ 1,500 አሁንም አለ እንዴ?” ብለሽ ጠይቀሽኛል። ቀና ብዬ እንኳ ሳላይሽ “ሲስተሙ ያወጣው ነው፣ ትክክል ነው” አልኩሽ። ያኔ አይቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍልሽም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በ4 ወር የተጻፈልሽ ትርፍ 6,000 ብር ነው፤ እጅሽ የገባው ግን እሱ አይደለም። ከየ1,500ው ላይ 450 ብር የሥራ ግብር ተቆርጧል፤ ለአንቺ የደረሰሽ 1,050 ነው። በ4 ወር 4,200 ብር። የምንጠይቅሽ ይህችኑ ብቻ ነው። ግብር ሆኖ የሄደውን 1,800 ከገቢዎች ጋር የምንጨርሰው እኛ ነን፤ አንቺን አይመለከትም። ማክሰኞ 6,000 ብዬ መጻፌም ስህተት ነበር።

ብሩ በየወሩ ቀፊራ ገብቶ እንደቀረ አውቃለሁ። ደሞዝ ነው ብሎ የበላ ሰው በአንዴ ከየት ያመጣል? ስለዚህ በ6 ጊዜ፣ 700 ብር እያልን እናድርገው ብለናል። ወለድ የለውም፤ ማኅደርሽ ውስጥም እንደ ጥፋት አይገባም።

የካቲትና መጋቢት ላይ ምንም አንቆርጥም፤ ረመዳን ነው፣ ኢድም አለ። ከሚያዝያ እንጀምርና ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ እንቀጥላለን። ነሐሴና መስከረም የልጆች ምዝገባና ደብተር ስላለ እንዘላቸዋለን። የቀሩት ሁለቱ በጥቅምትና በኅዳር 2019 ያልቃሉ። አረፋ ግንቦት ላይ ስለሚውል የግንቦቱ ይከብደኛል ካልሽ ወደ ታኅሣሥ እናሸጋግረዋለን፤ ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ቶሎ ልገላገለው ካልሽም ያንቺ ምርጫ ነው።

ስሊፕሽን ስታዪ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ። ከዚህ ወር ጀምሮ አበሉ ከፔይሮሉ ወጥቷል። ከ11,000 ደሞዝሽ ላይ ግብር 1,950፣ ጡረታ 770 ተቀንሶ እጅሽ የሚገባው 8,280 ብር ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 9,330 ነበር። ቅነሳ ባለባቸው ወራት ደግሞ 7,580 ይሆናል።

አንድ ነገር እወቂልኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ በስተቀር እንዲህ ያለ ቅነሳ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት እንዳይደረግ ይከለክላል፤ ቢስማማም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ሲሶ አይበልጥም። 700 ብር ከዚያ በጣም ያንሳል። ግን አንቺ ሳትፈርሚ አንድ ሳንቲም አይነካም። በመሀል ሥራ ብትለቂም ቀሪውን ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን እንጂ ከመጨረሻ ክፍያሽ ላይ ድንገት አንቆርጠውም። ይሄ ቅጹ ላይም ተጽፏል።

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ መስኮቱ ጋ አስቀምጬልሻለሁ። ወደ ቤትሽ ወስደሽ አንብቢው፤ ከፈለግሽ ለሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አሳዪው። እስከ ጥር 30 ጊዜ አለሽ። ሒሳቡ ላይ የማይገባሽ ካለ ደውይልኝ፤ ወይ ከጠዋት ፈረቃ ስትወጪ ጎራ በይ፣ የ4ቱን ወር ስሊፕ ጎን ለጎን አድርገን አብረን እናያለን።

የኅዳሩ ስሊፕ ካልጠፋብሽ እሱንም ይዘሽው ነይ። በዚህኛው ጊዜ ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ተስፋዬ
ከፋይናንስ ክፍል